አንዲት ፊደል ውርስ ስታዛውር፦ ኑዛዜ ከመፈረሙ በፊት እንዴት ይታረማል?

ኑዛዜን ከሌሎች ሰነዶች የሚለየው አንድ ጠባይ አለ። በሽያጭ ውል ላይ ስም ቢሳሳት ሻጭና ገዢ ተጠርተው የተስማሙበትን ሊያስረዱ ይችላሉ። ኑዛዜ ግን ሥራውን የሚጀምረው ባለቤቱ አፈር ከለበሰ በኋላ ነው። “ዘነበች ለማለት ፈልጌ ነው፤ ጸሐፊው ነው ዘነበ ያለው” ብሎ የሚያስረዳ ሰው በዚያን ጊዜ የለም። ስለዚህ በኑዛዜ ላይ ያለ የጽሑፍ ስሕተት የሚታረምበት ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ተናዛዡ በሕይወት ሳለ፣ ይልቁንም ፊርማው ወይም የጣት አሻራው ወረቀቱ ላይ ከማረፉ በፊት ያለው ጊዜ ነው።

በገጠርም ሆነ በከተማ ብዙ ኑዛዜዎች የሚዘጋጁት በፍርድ ቤትና በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች አቅራቢያ በሚገኙ የጽሕፈት አገልግሎት መስጫዎች ነው። ተናዛዡ በቃል ይናገራል፤ ጸሐፊው በኮምፒውተር ይጽፋል። ጸሐፊው አብዛኛውን ጊዜ ከባዶ ገጽ አይነሣም። ከዚህ ቀደም ለሌላ ደንበኛ ያዘጋጀውን ኑዛዜ ከፍቶ ስሙን፣ ንብረቱንና ቀኑን ይቀይራል። ይህ አሠራር ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ሳይቀየር የቀረ ስም፣ ሁለት ጊዜ የተገለበጠ አንቀጽና ተቆርጦ የወደቀ ቃል የሚመጡት በዋናነት ከዚሁ ነው። በውጭ የቆሙት ሽማግሌዎች ደግሞ ለምስክርነት ተጠርተው ከሥራቸው ተስተጓጉለዋልና ወረቀቱ እንደታተመ ለመፈረም ይቸኩላሉ።

ሁሉም ስሕተት እኩል አደገኛ አይደለም። ሕጉ ይህን ለማየት ይረዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 910 እንደሚደነግገው፣ የኑዛዜ ቃል አጠራጣሪ ሲሆን ከኑዛዜው ከራሱና ከአካባቢ ሁኔታዎች የተናዛዡ አሳብ ተፈልጎ ይተረጐማል። ቃሉ ግልጽ ከሆነ ግን “የተናዛዡ እውነተኛ አሳብ ሌላ ነበር” በማለት ከግልጹ ቃል መውጣት አይቻልም። ከዚህ የሚወጣው ውጤት ለብዙዎች ያልተጠበቀ ነው። “ዘነበች” ለማለት “ዘነበጭ” ተብሎ ቢጻፍ ስሕተትነቱ ከሩቅ ይታያል፤ ማንን ለማለት እንደተፈለገም አያከራክርም። የሚያስፈራው ስሕተት የማይመስለው ስሕተት ነው፤ ይኸውም አንድ ፊደል ወድቆ ሌላ ትክክለኛ ስም ወይም ሌላ ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ሲወጣ ነው። የአማርኛ ፊደልና ሰዋስው ለዚህ ዓይነቱ ስሕተት በብዙ በኩል የተጋለጡ ናቸው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። ስሞቹ ለማስረጃ ብቻ የተመረጡ ናቸው። ሚስታቸው ቀደም ብለው ያረፉ፣ የእርሳቸውም ድርሻ ተለይቶ ያለቀ አቶ ደምሴ የተባሉ አርሶ አደር ሦስት ልጆች አሏቸው እንበል፤ ዘነበ፣ ዘነበችና አያሌው። አሳባቸው የታወቀ ነው። ከወንዝ ማዶ ያለው ግማሽ ሄክታር መሬት አብራቸው እያረሰች ለኖረችው ለዘነበች፣ በከተማ ያለው ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ለዘነበ፣ ሁለቱ የእርሻ በሬዎች ለአያሌውና ለዘነበ በጋራ፣ ስድስቱ የንብ ቀፎዎች ለአያሌው እንዲሆኑ ይፈልጋሉ። አያሌው ጊደር ለመግዛት ከአባቱ የተበደረውን 20,000 ብርም ሊምሩት ወስነዋል። ጸሐፊው ጽፎ ያተመው ረቂቅ ግን እንዲህ ይላል፦

1ኛ. ከወንዝ ማዶ ያለው ግማሽ ሄክታር ይዞታዬ ለልጄ ለዘነበ ደምሴ ይሁን።
2ኛ. በከተማ ያለኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ለልጄ ለዘነበ ደምሴ ይሁን።
3ኛ. ሁለቱ የእርሻ በሬዎቼ ለአያሌው ዘነበ ይሁኑ።
4ኛ. ልጄ አያሌው ከእኔ በተበደረው 20,000 ብር ይጠየቅ።
5ኛ. በከተማ ያለኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ለልጄ ለአያሌው ደምሴ ይሁን።

ከዚህ በታች ቀን፣ የተናዛዡ ስምና የአራት ምስክሮች የፊርማ ቦታ አለ። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ አንድም የተደለዘ ቃል አይታይበትም። በችኮላ ያየው ሰው ያለቀለት ሰነድ ነው ይላል።

በአንደኛው ተራ ቁጥር የወደቀችው “ች” ብቻ ናት። ነገር ግን “ዘነበ ደምሴ” በሕይወት ያለ ሌላ ልጅ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ምንም ጉድለት የለውም፤ መሬቱም በግልጽ ቃል ወደ ወንድሟ ሄዷል። በአገራችን ለወንድምና ለእህት ከአንድ ቃል የወጣ ስም መስጠት የተለመደ ነው፤ አበበና አበበች፣ አስናቀና አስናቀች፣ ተዋበና ተዋበች በአንድ ቤት ያድጋሉ። በእንደዚህ ያለ ቤት “ች” ከፊደል በላይ ናት፤ የውርስ ድንበር ናት። ጠባቂዋ ተጨማሪ ቃል መጻፍ ነው። “ለልጄ” በሚለው ፈንታ “ለሴት ልጄ ለዘነበች ደምሴ” ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ፣ “ች” ብትወድቅ እንኳ “ሴት ልጄ” የሚለው ከስሙ ጋር ይጋጭና ጥርጣሬ ይፈጥራል። ጥርጣሬ ካለ ደግሞ ትርጉም ይፈቀዳል፤ እውነቱንም ለማስረዳት በር ይከፈታል።

በሦስተኛው ላይ የወደቀችው “ና” ናት። በአማርኛ ሁለት ስሞች ያለ ማያያዣ ሲከታተሉ ሁለተኛው የአባት ስም ይሆናል። “ለአያሌውና ዘነበ” ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ “ለአያሌው ዘነበ” ግን የዘነበ ልጅ አያሌው ነው። ዘነበ በአጎቱ ስም የጠራው ወንድ ልጅ ቢኖረው በሬዎቹ ለልጅ ልጅ ተሰጡ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ባይኖር እንኳ ክርክር መነሣቱ አይቀርም። መከላከያው ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው “ለ” መድገምና የአባት ስም መጨመር። “ለአያሌው ደምሴ እና ለዘነበ ደምሴ በእኩል” ተብሎ ሲጻፍ አንድ ፊደል ወድቆ ሁለቱን ሰዎች አንድ ሊያደርጋቸው አይችልም።

አራተኛው ከሁሉም ይከፋል። አባት ልጃቸውን የማሩበት ቃል “አይጠየቅ” ነበር። “አ” ስትወድቅ “ይጠየቅ” ሆነና ምሕረቱ ወደ ዕዳ ተለወጠ። በአማርኛ ትእዛዝንና ክልከላን የሚለየው ብዙ ጊዜ ይህች አንዲት ፊደል ናት፤ ይሸጥና አይሸጥ፣ ይካፈሉና አይካፈሉ እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ አንድን ነገር የሚከለክል ወይም የሚያስቀር አሳብ ሲኖር በአዎንታ መጻፍ ይመረጣል። “20,000 ብሩን ለልጄ ለአያሌው ደምሴ ምሬዋለሁ” ቢባል የሚወድቅ “አ” አይኖርም።

አምስተኛው የተደገመ አንቀጽ ነው። እንዴት እንደመጣ መገመት አይከብድም፤ ጸሐፊው ሁለተኛውን ገልብጦ ወደ ታች ለጠፈ፣ ስሙን ከዘነበ ወደ አያሌው ለወጠ፣ “ባለ ሁለት ክፍል ቤት” የሚለውን “ስድስት የንብ ቀፎ” ሳያደርግ ቀጠለ። ውጤቱ ድርብ ጉዳት ነው፤ አንዱ ቤት ለሁለት ሰው ተሰጠ፣ ቀፎዎቹ ደግሞ ከኑዛዜው ጨርሶ ጠፉ። አንዳንድ ሰዎች “የኋለኛው የፊተኛውን ይሽራል” በማለት ይህን ቀላል ያደርጉታል። ሕጉ ለኋለኛው ቅድሚያ የሚሰጠው ግን በተለያየ ጊዜ የተደረጉ ኑዛዜዎች አብረው ሊፈጸሙ በማይችሉበት ጊዜ ነው። በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ላይ የተጻፉ ሁለት ተራ ቁጥሮች ሲጋጩ ተናዛዡ የትኛውን አስበው እንደነበር መፈለግ ግድ ይላል፤ ወንድማማቾችም የሚካሰሱት በዚህ ነው። ኑዛዜ ያልነካው ንብረት፣ እዚህ ላይ ቀፎዎቹ፣ በሕግ ወራሾች መካከል ይከፋፈላል እንጂ አባት ላሰቡት ልጅ ብቻ አይደርስም።

እስካሁን የታዩት ስሕተቶች አንድ አንድ ንብረት የሚነኩ ናቸው። ኑዛዜውን በሙሉ የሚጥለው ጉድለት ግን በግርጌው ነው፤ እርሱም ያልተጻፈ ዓረፍተ ነገር ነው። ተናዛዡ እየተናገረ ሌላ ሰው የጻፈው ኑዛዜ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ይባላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 881 እንዲህ ያለው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ያዛል። መነበቡ ብቻውን አይበቃም፤ ይህ ሥርዓት መፈጸሙና ቀኑ በኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት። ይህ ካልተጻፈ ኑዛዜው ዋጋ የለውም። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ወይም አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ፤ የንባቡ ግዴታ ግን አይቀርም። በአቶ ደምሴ ረቂቅ ላይ “ይህ ኑዛዜ በእኔና በአራቱ ምስክሮች ፊት ዛሬ ተነቦ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ” የሚል ወይም የዚህ ዓይነት ቃል የለም። ምስክሮቹ ቆይተው “አዎ፣ ተነቦልን ነበር” ቢሉ እንኳ ሕጉ የጠየቀው በወረቀቱ ላይ እንዲሰፍር ነው። አንድ መሥመር በመጉደሉ ኑዛዜው ከወደቀ ንብረቱ ኑዛዜ እንዳልነበረ ሁሉ ለልጆቹ በእኩል ይከፈላል።

ይህ የንባብ ግዴታ ብዙ ጊዜ እንደ ሥርዓት ብቻ ይታያል። ጸሐፊው ቶሎ ቶሎ ያነበንባል፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ይፈረማል። በእውነቱ ግን ሕጉ ለተናዛዡ የሰጠው የመጨረሻ ማረሚያ ይኸው ነው፤ ፊደል ላልቆጠረ ተናዛዥማ ብቸኛው ነው።

ንባቡ ስሕተት እንዲይዝ መጀመሪያ አንባቢው መቀየር አለበት። ጸሐፊው የጻፈውን ያውቀዋል፤ ዓይኑ “ዘነበ”ን እያየ አፉ “ዘነበች” ሊል ይችላል። ተናዛዡም ያሰቡትን ስለሚያውቁ ያልተጻፈውን እንደተጻፈ አድርገው ያነቡታል። የተሻለው አንባቢ ቃሉ ሲነገር በቦታው ያልነበረ፣ የቤተሰቡን ነገር የማያውቅ ማንበብ የሚችል ሰው ነው። እርሱ በዝግታ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ያለውን ብቻ ያነባል። በእያንዳንዱ ተራ ቁጥር መጨረሻ ይቆማል፤ ተናዛዡም “ምን ለማን ሰጡ?” ተብለው በራሳቸው ቃል ይመልሳሉ። “ትክክል ነው?” ብሎ መጠየቅ አይረዳም፤ ለዚህ ጥያቄ የደከመ ሰው ሁሉ “አዎ” ይላል። አቶ ደምሴ “ማዶውን ለዘነበች” ብለው ሲመልሱ፣ አንባቢው ወረቀቱን አይቶ “እዚህ ያለው ዘነበ ነው” ይላል። አራተኛው ላይ ሲደርሱም “ምሬዋለሁ” የሚለው መልስ “ይጠየቅ” ከሚለው ጽሑፍ ጋር ወዲያው ይጋጫል።

ስሞች ግን በጆሮ ብቻ አይታረሙም። ኃይሉና ሀይሉ፣ ፀሐይና ጸሃይ፣ ዓለሙና አለሙ ሲነበቡ አንድ ናቸው። እነዚህ የሞክሼ ፊደላት ልዩነቶች በድምፅ ስለማይለያዩ ሌላ ሰው አያመጡም፤ ሆኖም መታወቂያን ከኑዛዜ ጋር የሚያመሳክር የቢሮ ሠራተኛ ጥያቄ ሊያነሣባቸውና ወራሹን ለማመላለስ ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ የእያንዳንዱ ወራሽ መታወቂያ ወይም ቅጂው፣ መሬት ካለም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። አንድ ሰው ወረቀቱን፣ ሌላው መታወቂያውን ይዞ ስሙን ፊደል በፊደል ያመሳክራሉ። በዚህ ጊዜ ከመጨረሻው ስም ተነሥቶ ወደ ላይ መሄድ ይመረጣል፤ የዓረፍተ ነገሩ ፍሰት ሲቋረጥ ዓይን ፊደሉን ያያል። የአያት ስምና የመታወቂያ ቁጥር ቢጨመር ሁለት ሰዎች በአንድ ስም የሚምታቱበት ዕድል ይጠባል። ዘመድ ሁሉ በቤት ስሟ የሚያውቃት ልጅ ካለች ሁለቱም ስሞች ይጻፋሉ። በዓረብ አገር ወይም በአሜሪካ የምትኖር ወራሽ ካለችም ስሟ በፓስፖርቷ ላይ እንዳለው ሆኖ ቢያያዝ፣ ውክልና ልካ ውርሷን ስታስፈጽም ጥያቄው ይቀንሳል።

በአሕጽሮት መጻፍ ደግሞ ከነጭራሹ መተው ያለበት ልማድ ነው። “ወ/ማርያም” ወልደ ማርያም ሊሆን ይችላል፤ ወለተ ማርያምም ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ወንድ ሌላዋ ሴት ናቸው። “ተ/ሃይማኖት” የሚለውን የመንደሩ ሰው ሁሉ ተክለ ሃይማኖት ብሎ ያነበዋል፤ ኑዛዜ ግን የሚነበበው በመንደሩ ሰው ብቻ አይደለም።

የተደገመና የጎደለ አንቀጽን ለመያዝ ንባብ ብቻውን አይበቃም፤ በሁለተኛውና በአምስተኛው መካከል ሌሎች ነገሮች ስለሚገቡ ጆሮ ይረሳል። እዚህ ላይ አንድ ተራ ወረቀት ይረዳል። ኑዛዜውን ሳያዩ ተናዛዡ ያላቸው ንብረት ሁሉ በግራ በኩል ይዘረዘራል፤ በምሳሌው መሬት፣ ቤት፣ በሬ፣ ቀፎና የተበደረ ገንዘብ ናቸው። ከዚያ ኑዛዜው እየተነበበ በእያንዳንዱ ንብረት ትይዩ የተቀባዩ ስም ይጻፋል። ሲያልቅ በ“ቤት” ትይዩ ሁለት ስም፣ በ“ቀፎ” ትይዩ ባዶ ቦታ ይገኛል። የዘነበች ስምም በወረቀቱ ላይ የትም አይታይም። ለዚህ የፈጀው ጊዜ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ንብረት በድርሻ ሲከፈል ደግሞ ድርሻዎቹ ተደምረው አንድ ሙሉ መምጣታቸው ይታያል፤ ለሁለት ልጆች ግማሽ ግማሽ ተሰጥቶ ለሦስተኛ “ሩብ” የሚል ከተገኘ አንድ ቦታ የተሳሳተ ነገር አለ። መሬትን በተመለከተ ስፋቱና አዋሳኞቹ በአራቱም አቅጣጫ ከደብተሩ ጋር ይመሳከራሉ። የገጠር መሬት በኑዛዜ ለማን ሊተላለፍ እንደሚችል የክልሉ የመሬት ሕግ የራሱ ገደብ ስላለው የወረዳውን የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ባለትዳር የሆነ ተናዛዥም በጋራ ንብረት ላይ ሊናዘዝ የሚችለው በራሱ ድርሻ ነውና፣ “ቤቴን” ከሚለው ፊት “በቤቱ ላይ ያለኝን ድርሻ” የሚሉት ቃላት አለመዘለላቸው ይታያል።

ስሕተቱ ከተገኘ በኋላ የሚደረገው እንደ ጊዜው ይለያያል። ገና ካልተፈረመ በእስክሪብቶ ደልዞ ከላይ መጻፍ አያስፈልግም፤ ገጹ ታርሞ እንደገና ይታተማል፤ የተሳሳተው ቅጂ ይቀደዳል። ሁለት የማይመሳሰሉ ቅጂዎች በአንድ ቤት መገኘታቸው የነገ ክርክር ነው። አንድ ፊደል ብቻ የታረመ ቢሆንም አዲሱ ቅጂ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና ይነበባል፤ ጸሐፊው “ች”ን ሲጨምር ሌላ መሥመር አጥፍቶ ሊሆን ይችላልና። ኑዛዜው ከአንድ ገጽ በላይ ከሆነ ገጾቹ ቁጥር ይኑራቸው፤ በእያንዳንዱም ላይ ይፈረም።

ስሕተቱ የተገኘው ከተፈረመ በኋላ ከሆነና ተናዛዡ በሕይወት ካሉ፣ አስተማማኙ መንገድ በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ የሚፈረም አዲስ ኑዛዜ ማድረግ ነው። በአዲሱ ላይ የፊተኛው፣ ቀኑ ተጠቅሶ፣ መሻሩ በግልጽ ይጻፋል። ይህ ዓረፍተ ነገር ከተዘለለ ሁለቱ ኑዛዜዎች፣ በማይጋጩበት ሁሉ፣ አብረው ይፈጸማሉ፤ ያልተፈለገው አሮጌ አንቀጽም ከአዲሱ ጎን ሕያው ሆኖ ይቀጥላል።

ተናዛዡ ካረፉ በኋላ ግን ማንም ወረቀቱን አይነካም። ወራሾቹ በሙሉ “አባታችን ዘነበችን ማለታቸው ነበር” ብለው ከተስማሙ በስምምነታቸው ሊከፋፈሉ ይችላሉ። ካልተስማሙ ፍርድ ቤቱ የሚመለከተው በመጀመሪያ ቃሉ አጠራጣሪ መሆን አለመሆኑን ነው፤ “ለልጄ ለዘነበ ደምሴ” የሚለውም በማንም አንባቢ ዓይን አጠራጣሪ አይመስልም።

በአቶ ደምሴ ምሳሌ ረቂቁ ገና አልተፈረመም ነበር። ጸሐፊው አምስቱንም ተራ ቁጥሮች አስተካክሎ፣ የንባቡን ቃል በግርጌው ጨምሮ አዲስ ገጽ ያትማል፤ ምስክሮቹም ተመልሰው ይቀመጣሉ፤ ንባቡ ከአንደኛው ተራ ቁጥር፣ “ለሴት ልጄ ለዘነበች ደምሴ” ከሚለው፣ እንደገና ይጀመራል።